ሁለት እቃ በአንድ ቁና፦ ላመነታ ገዢ የሚሆን የማነጻጸሪያ ካሩሰል እንዴት ይሠራል?

ጎንደር ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዛ የተነሳች ሴት ሱቅ ገብታ ከዋጋው ቀጥሎ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሰሚ ይሻለኛል ወይስ ፉል?» ሻጩ በአንድ ቃል ይመልስላታል። ብዙ ጊዜ ታዲያ «ይሻልሻል» የሚባለው መጋዘን ውስጥ የበዛው ነው። ቴሌግራም ቻናልና ኢንስታግራም ገጽ ያላቸው ሱቆች ይህንኑ መልስ በምስል፣ ስላይድ በስላይድ እየደረደሩ ማቅረብ ጀምረዋል። «ማነጻጸሪያ» የሚል ርዕስ ይኑራቸው እንጂ ብዙዎቹ ሲገለጡ አንዱን እቃ የሚያሞግሱ ፖስተሮች ናቸው። ሌላው እቃ የገባው ለአጃቢነት ነው።

ከዚህ በታች በእርግጥ የሚያነጻጽር ካሩሰል እንዴት እንደሚሠራ በዚሁ የልብስ ማጠቢያ ጉዳይ ላይ እናሳያለን። ሰሚ አውቶማቲክ የሚባለው ሁለት ገንዳ ጎን ለጎን ያለው፣ በአንዱ አጥቦ በሌላው የሚጨምቅ፣ ውሃውንም ልብሱንም ሰው የሚያስገባለት ማሽን ነው። ፉል አውቶማቲክ ከቧንቧ ጋር ተያይዞ ውሃ ከመሙላት እስከ መጭመቅ ራሱ የሚጨርሰው ሲሆን፣ እዚህ የምንወስደው በሩ ከፊት ለፊት ያለውን ዓይነት ነው።

## ካሩሰል ማለት ምንድን ነው?

በአንድ ፖስት ውስጥ ተከታትለው የተቀመጡ፣ በጣት ወደ ጎን እየተገፉ የሚታዩ ምስሎች ናቸው። እያንዳንዱ ምስል ስላይድ ይባላል። ከቪዲዮ የሚለየው ፍጥነቱ በአንባቢዋ እጅ መሆኑ ነው። ያልገባት ስላይድ ላይ ትቆያለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ አንዱን ብቻ ቆርጣ ውጭ አገር ላለ ወንድሟ ትልካለች። ይህ የመጨረሻው ልማድ ለሥራው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

## ሰሚን በአንዱ ስላይድ፣ ፉልን በሚቀጥለው ብናደርግ ምን ችግር አለው?

ሁለት ነጋዴ ጤፍ ሲሸጡ አንዱ በቁና፣ ሌላው በጣሳ ቢሰፍሩ የትኛው እንደረከሰ ማንም አያውቅም። ስላይድ ሁለት ላይ ስለ ሰሚው አምስት ነገር ተጽፎ፣ ስላይድ ሦስት ላይ ስለ ፉሉ ሌላ አምስት ነገር ሲጻፍ የሚሆነው ይኸው ነው። አንባቢዋ ጣቷን ስትገፋ የመጀመሪያው ከዓይኗ ይጠፋል፣ የቀረላትን በትዝታ ይዛ ከሁለተኛው ጋር ማወዳደር አለባት። በትዝታ የሚቀረው ደግሞ ቁጥሩ ሳይሆን ስሜቱ ነው። መጨረሻ ያየችው ወይም ያማረ ፎቶ ያለው ያሸንፋል።

ስለዚህ የሥራው መሠረት አንድ ስላይድ ላይ አንድ ጥያቄ አንስቶ፣ ሁለቱም ማሽኖች እዚያው ላይ እንዲመልሱ ማድረግ ነው። ሰሚው ሁልጊዜ በግራ፣ ፉሉ ሁልጊዜ በቀኝ። ቦታ መቀያየር ክልክል ነው፤ አንባቢዋ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ ስም ማንበብ ትተዋለች፣ በቦታው ብቻ ትለያለች። አራተኛው ላይ ብትገለብጡባት የፉሉን ድክመት ለሰሚው ትመዘግባለች።

## ምን ከምን ጋር ነው የሚነጻጸረው?

ንድፍ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ እቃዎች መጠን መስተካከል አለበት። 7 ኪሎ ሰሚ ከ7 ኪሎ ፉል ጋር ይቀርባል እንጂ ከ10 ኪሎ ጋር አይቀርብም። እዚህ ላይ ግን አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ሰሚው ላይ በትልቁ የተጻፈው ኪሎ የማጠቢያው ገንዳ ነው፤ የመጭመቂያው ገንዳ የሚይዘው ከዚያ ያንሳል። 7 ኪሎ አጥቦ በሁለት ዙር የሚጨምቅ ማሽንን «7 ኪሎ» ብቻ ብሎ መጻፍ ለሰሚው ያደላል። ፉሉ የሚያጥብበትና የሚጨምቅበት ከበሮ አንድ ስለሆነ ይህ ክፍተት የለበትም። ሁለቱም ቁጥሮች መመሪያው ላይ አሉ፤ ስላይዱ ላይም ሁለቱም ይውጡ።

ፎቶውም መለኪያ ነው። ፉሉን ከፋብሪካው ድረ ገጽ፣ ሰሚውን ሱቅ በር ላይ አቧራ ለብሶ በስልክ ካነሳችሁት ማነጻጸሩ እዚያው አልቋል። ሁለቱም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ ካሜራው ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ ይነሱ። ከዚያ ምስሎቹን ስታስገቡ እውነተኛው የቁመት ልዩነት እንዲጠበቅ አድርጉ። ሁለቱ እኩል እንዲመስሉ አንዱን መለጠጥ ማሽኑ የሚቀመጥበትን ጥግ ለክታ የመጣችውን ገዢ ያሳስታል።

## ጥያቄዎቹን ማን ይመርጣቸው?

አምራቹ እንዳይመርጥላችሁ። የማሸጊያ ካርቶኑን ጀርባ ገልብጦ እየጻፉ ✓ እና ✗ መደርደር በጣም የተለመደ ነው፤ ውጤቱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሙቀት መምረጫ፣ የልጆች ቁልፍ፣ ሰዓት ማዘግያ፣ የሱፍ ፕሮግራም እያለ ፉሉ ስምንት ምልክት ይሰበስባል፣ ሰሚው ስምንት ✗። ምልክቶቹ የሚቆጥሩት የቁልፎቹን ብዛት ነው። «ውሃ ቧንቧ ባይኖርም ይሠራል» የሚለው አንድ መስመር ብቻውን ስምንቱን ሊያስከነዳ እንደሚችል ምልክት አይናገርም።

ጥያቄዎቹ የሚገኙት ከገዢዎች መልእክት ነው። የሱቁን ያለፉ ሁለትና ሦስት ወራት መልእክቶች ክፈቱና እቃው ከመገዛቱ በፊት የተጠየቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ አውርዱ። ተመሳሳዮቹን ስትሰበስቡ ከአምስት እስከ ሰባት ይቀራሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመጀመሪያው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ከዚያ ቅደም ተከተል ይመጣል። እዚህ ላይ «አንዱን ለሰሚው፣ አንዱን ለፉሉ» እያሉ ድል ማከፋፈል ደግ ሐሳብ ይመስላል፣ ግን ሌላ ዓይነት ማዛባት ነው። የሚሻለው ገዢዋን ፈጥኖ የሚገላግላትን ጥያቄ ማስቀደም ነው። ቤቷ ውስጥ ማሽኑ ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ ስለ ፕሮግራሙ ብዛት ስድስት ስላይድ መግፋት የለባትም። ለልብስ ማጠቢያ ይህ ጥያቄ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ውሃን በዝርዝር እንሥራው።

## የውሃው ስላይድ እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ሐሳብ ላይ ስላይዱ ቀላል ይመስላል፤ «ማን ብዙ ውሃ ይጠጣል?» ከፊት የሚከፈት 7 ኪሎ ፉል አንድ ዙር ለማጠብ 50 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ለሰሚው ግን መመሪያው ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር አታገኙም፤ ውሃውን የምትወስነው የምታጥበው ሴት ናት። ስለዚህ ይሰላል። ገንዳው እስከ መሐል መስመሩ 45 ሊትር ያዘ እንበል። አንዴ ለማጠብ፣ ሁለቴ ለማለቅለቅ ሲሞላ 135 ሊትር ይሆናል። በጀሪካን እናስበው፤ ባለ 20 ሊትሩ ከሆነ ለፉሉ ሁለት ተኩል፣ ለሰሚው ሰባት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ለአንባቢዋ ከሊትሩ ይልቅ ይህኛው ይገባታል፤ ጀሪካኑን የተሸከመችው እሷ ናት።

እዚህ ብታቆሙ ፉሉ በዝረራ ያሸንፋል፣ ስላይዱም ሐሰት ሳይናገር ያሳስታል። ሁለት ነገር ጎድሎታል።

አንደኛው፣ ሰሚ ያላቸው ሰዎች የሚያጥቡት እንደዚያ አይደለም። የነጩ ልብስ ማጠቢያ ውሃ አይደፋም፤ ባለቀለሙ፣ ቀጥሎም የሥራ ልብሱ እዚያው ይገባበታል። ሦስት ዙር በአንድ የማጠቢያ ውሃ ሲታጠብ ሒሳቡ ይለወጣል። 45 ሊትር ለማጠቢያው አንዴ፣ ለማለቅለቂያ ደግሞ ሦስት ጊዜ 90፣ ድምሩ 315 ሊትር። ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ዙር 105 ነው። አሁንም ከፉሉ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን 135 አይደለም። ስላይዱ ላይ ሁለቱም ይጻፉ፤ «ውሃው በየዙሩ ከተደፋ 135፣ ለሦስት ዙር ከዋለ 105»።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ጥያቄው ስንት ውሃ ብቻ ሳይሆን ውሃው በምን ይመጣል የሚልም ነው፤ ይህ የራሱ ስላይድ ያስፈልገዋል። ሰሚው በጎማ ቢሞላ፣ በባልዲ ቢሞላ ግድ የለውም። ፉሉ ግን ውሃውን የሚያስገባው ግፊት ሲያገኝ ነው። መመሪያው ላይ ዝቅተኛው ግፊት ብዙ ጊዜ 0.03 ወይም 0.05 MPa ተብሎ ይጻፋል። ይህን ለገዢዋ መተርጎም የእናንተ ሥራ ነው። 0.1 MPa ማለት ውሃው ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚፈጥረው ግፊት ነው ማለት ይቻላል። 0.03 ሲሆን 3 ሜትር፣ 0.05 ሲሆን 5 ሜትር መሆኑ ነው።

አሁን ግቢ ውስጥ ያለውን ሮቶ እናስብ። የብረት ቋሚው 3 ሜትር ነው፣ የማሽኑ ውሃ መቀበያ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የቀረው ከፍታ 2 ሜትር ነው። ሮቶው ሊያልቅ ሲል ለማሽኑ የሚደርሰው ግፊት 0.02 MPa ብቻ ይሆናል፤ 0.03 ለሚጠይቅ ማሽን አይበቃም። ምልክቱም ይታወቃል፦ ማሽኑ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲንጠባጠብ ይቆይና ሥራውን ያቋርጣል፣ ሰሌዳው ላይም IE ወይም 4C የመሰለ የውሃ ስህተት ይጽፋል። ገዢዋ እቃው ተበላሽቶብኛል ብላ ትመልሰዋለች። እቃው ግን ደህና ነው፤ ያልተሠራው ስላይዱ ነው።

በዚህ ስላይድ በፉሉ በኩል የሚጻፈው እንግዲህ «የቧንቧ ውሃ ይፈልጋል» የሚለው ደረቅ ቃል አይበቃውም። 0.03 ለሚጠይቅ ማሽን «ሮቶው ከመሬት ቢያንስ 4 ሜትር ከፍ ይበል፣ ካልሆነ ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ያስፈልጋል» ይባል። በሰሚው በኩል «ቧንቧም ጀሪካንም ይሆናል፣ ግን ለእያንዳንዱ ዙር ሦስት ጊዜ የሚሞላ ሰው ይፈልጋል» ይባል። ለሁለቱም አንድ የሚመቸው፣ አንድ የሚከብደው ነገር ተነገረ፤ ያውም በተመሳሳይ ርዝመት።

## ሥዕሉ ራሱ ሊዋሽ ይችላል?

ይችላል፣ ሳታስቡትም። የ50 እና የ135 ሊትርን ልዩነት ለማሳየት አንድ ትንሽ፣ አንድ ትልቅ ጀሪካን ትሥላላችሁ። ትልቁን 2.7 ጊዜ ስታሳድጉት ኮምፒዩተሩ ቁመቱንም ስፋቱንም አብሮ ያሳድጋል። ዓይን የሚያየው ደግሞ የተሸፈነውን ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከ7 ጊዜ በላይ አድጓል። ቁጥሩ ትክክል፣ ሥዕሉ ግን ጩኸት ይሆናል። መፍትሔው እኩል መጠን ያላቸውን ትንንሽ ጀሪካኖች መደርደር ነው፤ በግራ ሰባት፣ የመጨረሻው ትንሽ የጎደለ፣ በቀኝ ሁለት ተኩል። በዘንግ ካሳያችሁት ደግሞ ዘንጉ ከዜሮ ይጀምር፤ ለአንድ ሊትር 4 ፒክሰል ብትሰጡ አንዱ 540፣ ሌላው 200 ፒክሰል ቁመት ይኖረዋል።

## ጊዜስ? ፉል ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ይባላል

ይፈጃል። በ40 ዲግሪ የጥጥ ልብስ ፕሮግራም ሁለት ሰዓት ተኩል የተለመደ ነው። የሰሚው የማጠቢያ ሰዓት ቆጣሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ፣ የመጭመቂያው 5 ደቂቃ ላይ ያበቃል። «15 ደቂቃ ከ150 ደቂቃ» ብሎ መጻፍ ለሰሚ ሻጭ የሚጣፍጥ ስላይድ ነው።

ግን ሁለት የተለያዩ ጊዜዎች ተምታተዋል። አንዱ ማሽኑ የሚሠራበት፣ ሌላው ሰው የሚቆምበት ነው። ሰሚ ላይ መሙላት፣ ማጠብ፣ መድፋት፣ ማለቅለቅ፣ ወደ ሌላው ገንዳ ማዛወርና መጭመቅ ሲደመር ለአንድ ዙር 45 ደቂቃ ቢወስድ፣ ሰውየዋ ከአጠገቡ ርቃ መሄድ አትችልም። ፉሉ ላይ ማስገባትና ማውጣት አሥር ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ገበያ ደርሳ መምጣት ትችላለች። ስላይዱ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መስመር ይኑረው፤ «ማሽኑ ይሠራል» እና «እርስዎ ይቆማሉ»። ደቂቃዎቹን ከአንድ ደንበኛ ቤት በስልክ ሰዓት ለክታችሁ ጻፉ፤ በግምት የተጻፈ ደቂቃ ሁልጊዜ ወደ ምትሸጡት እቃ ያጋድላል።

## ስለ መብራትና ስለ ልብሱ ምን ይባል?

መብራት ላይ የሚሠራው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው። ፉሉ ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2000 ዋት ይስባል፣ ሰሚው ግን ውሃ አያሞቅም፤ ሞተሩ ጥቂት መቶ ዋት ብቻ ይበቃዋል። የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። ሁለቱንም በቀዝቃዛ አወዳድሩ፣ ከዚያ «ፉሉ በሙቅ ከታጠበ» የሚል ተጨማሪ መስመር ስጡት። ስለ መብራት መሄድ ግን ሳይጻፍ አይታለፍ። መብራት ሲጠፋ ፉሉ ውሃና ልብስ እንደያዘ ይቆማል፣ በሩም ሊቆለፍ ይችላል፤ ብዙዎቹ መብራት ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰሚው ክዳኑ ይከፈትና ሥራው በእጅ ይቀጥላል።

ልብሱ ላይ የአገር ጥያቄ አለ፤ ጋቢና ነጠላ። የሰሚው ገንዳ ከታች ባለው ማሽከርከሪያ ልብሱን ስለሚያዞር ረጅም ነጠላ ይጠማዘዛል፣ ጥለቱም ይጎተታል። የፉሉ ከበሮ እያነሳ ስለሚጥለው ይበልጥ ይለዝባል። በሌላ በኩል የረጠበ ጋቢ በሰሚው ጠባብ መጭመቂያ ውስጥ እኩል ካልተደላደለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ በፉሉም ውስጥ ብቻውን ከገባ አንድ ጎን ተከምሮ ማሽኑ መጭመቁን ሊተወው ይችላል። ለጥምቀት ዋዜማ የሚታጠበው ይኸው ስለሆነ ለዚህ አንድ ስላይድ መስጠት አይበዛም።

## ዋጋው የት ይግባ?

ከሁሉም ጥያቄ በኋላ፣ ስምንተኛው ገደማ። ከፊት ካስቀደማችሁት የቀሩትን ስላይዶች ማንም አያነብም። የዋጋው ስላይድ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መደብ ይኑረው፦ ሱቅ የሚከፈለውና ቤት ከደረሰ በኋላ የሚጨመረው። ለፉሉ የሚጨመረው የቧንቧ ሠራተኛ፣ ምናልባትም ፓምፕ ወይም ከፍ ያለ የሮቶ ማስቀመጫ፣ ሁልጊዜ ደግሞ አረፋው ዝቅተኛ የሆነ፣ ለአውቶማቲክ የተባለ የዱቄት ሳሙና ነው። የእጅ ማጠቢያ ሳሙና እዚያ ውስጥ በአረፋ ያጥለቀልቃል። ለሰሚው የሚጨመር ነገር ጥቂት ነው፤ ውሃ በቦቴ ወይም በጀሪካን ከሚገዛበት ቤት ግን ከላይ ያየነው የሊትር ልዩነት በየወሩ ወደ ብር ይለወጣል፤ እሱም ይጻፍ።

ዋጋ የተጻፈበት ቦታ ሁሉ ቀን ይኑረው። ብር በገበያ መመራት ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ቀን የሌለው የውጭ እቃ ዋጋ ጠብ ማስነሻ ነው።

## ስላይዱ ላይ ምን የት ይቀመጣል?

1080 በ1350 ፒክሰል የሆነ ቁመታም ገጽ ይበቃል። ላዩ ላይ 150 ፒክሰል ያህል ለጥያቄውና ለተራ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ «3/10»። መሐሉ በቀጭን መስመር ለሁለት እኩል ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ጎን የማሽኑ ስምና መልሱ ይገባል። ግርጌው ላይ ቁጥሩ እውነት የሚሆንበት ሁኔታ፦ «7 ኪሎ የጥጥ ልብስ፣ በቀዝቃዛ ውሃ»። ከየጠርዙ 80 ፒክሰል ባዶ ይተው።

የፊደል መጠን ላይ አትሰስቱ። ስፋቱ 6.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስልክ ላይ 28 ፒክሰል የተጻፈ ፊደል 1.7 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው። በላቲን ፊደል ይነበብ ይሆናል፤ በእኛ ግን «ሰ» እና «ሱ»፣ «ጠ» እና «ጡ» የሚለዩት በአንድ ትንሽ ጭረት ስለሆነ ይደበላለቃሉ። ለጽሑፍ ከ44 አትውረዱ፣ ለዋናው ቁጥር 120 ስጡ። Noto Sans Ethiopic ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በመስመሮች መካከልም ለላቲን ከሚሰጠው ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉ።

ቀለሙ ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ ሆኖ እስከ መጨረሻው ይዝለቅ። አረንጓዴና ቀይ ግን አይሁን፤ አረንጓዴው «ግዛ»፣ ቀዩ «ተው» ይላል፣ ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችም ሁለቱን ያምታታሉ። ሰማያዊና ብርቱካናማ የተሻለ ነው።

## ቴሌግራምና ኢንስታግራም አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቴሌግራም አንድ ላይ የሚልከው እስከ 10 ምስል ነው፤ አሥራ አንደኛው ተቆርጦ ለብቻው ይሄዳል። ኢንስታግራም እስከ 20 ይቀበላል፤ ግን አንድ ሥራ ለሁለቱም እንዲሆን አሥር ላይ ማቆም ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ምስሎቹ በመጀመሪያ የሚታዩት ተደርድረው ሳይሆን እንደ ንጣፍ ተሰካክተው፣ ጠርዛቸውም ተከርክሞ ነው። አንባቢዋ ከመሐል አምስተኛውን ልትነካ ትችላለች። «3/10» የሚለው ቁጥር የሚያስፈልገው፣ ባዶ ጠርዝ የሚተወውም ለዚህ ነው።

ከላይ ያነሳነው የወንድሟ ጉዳይ እዚህ ይመጣል። የውሃው ስላይድ ብቻውን ተቆርጦ ሲላክ የሁለቱም ማሽን ስም፣ ኪሎ፣ የሱቁ ስም እዚያው ላይ ከሌለ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል መልስ ይመጣል። ኢንስታግራምም የመጀመሪያውን አይታ ላለፈች ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ስላይድ አስቀድሞ ያሳያታል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ራሱ በር መሆን አለበት። የኢንስታግራም ሌላው ጠባይ ሁሉንም ስላይድ በመጀመሪያው ቅርጽ መከርከሙ ነው፤ ሽፋኑ ካሬ ከሆነ የቀሩት ላይና ታቻቸውን ያጣሉ።

ፌስቡክ ላይ በገንዘብ የምታስተዋውቁ ከሆነ «ብዙ የታየውን አስቀድም» የሚለውን ምርጫ አጥፉ። ካልጠፋ ቅደም ተከተሉን ራሱ እየቀያየረ ዋጋውን ከፊት ያመጣዋል። ፋይሎቹንም ስትሰይሙ 01፣ 02 እያላችሁ እስከ 10 ሂዱ፤ 1፣ 2 ካላችሁ አንዳንድ ኮምፒዩተር 10ን ከ1 ቀጥሎ ያስቀምጠዋል።

## መጨረሻው ላይ ፍርድ ይሰጥ?

«አሸናፊው ይህ ነው» የሚል ስላይድ የቀደሙትን ስምንት ያፈርሳል። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» የሚለው ደግሞ ገዢዋን ከጀመረችበት ይመልሳታል። የሚጠቅመው ሁኔታን ከእቃ ጋር ማያያዝ ነው። በግራ፦ ውሃ በጀሪካን የሚሞላ፣ ቤት ውስጥ ቆሞ የሚያጥብ ሰው ያለበት፣ የተከራየ ቤት ስለሆነ ቧንቧ መቁረጥ የማይቻልበት። በቀኝ፦ ከፍ ያለ ሮቶ ወይም ፓምፕ ያለው፣ ቀን ሥራ የሚውል ቤተሰብ፣ ነጠላና ስስ ልብስ የሚበዛበት። ሦስት ለሦስት። ከታቹ ደግሞ አንድ ሐቀኛ መስመር፦ ቤትዎ የውሃ መውረጃ ከሌለው ሁለቱም አሁን አይሆኑም።

አሥረኛው ስላይድ የእናንተ ነው። ማን እንደሠራው፣ ሱቁ ሁለቱንም ይሸጥ እንደሆነ፣ ካልሸጠ የትኛውን እንደሚሸጥ ይጻፍበት። ሰሚ ብቻ የሚሸጥ ሱቅም ደህና ማነጻጸሪያ ሊሠራ ይችላል፤ ይህን ከደበቀ ግን አንዷ ደንበኛ ስታውቅ አሥሩም ስላይድ ዋጋ ያጣል። የሌላ ነጋዴን የንግድ ምልክት እየጠሩ ማንኳሰስም የማስታወቂያ ሕግን ጣጣ ያመጣል፤ ዓይነትን ከዓይነት ማወዳደር ከዚህ ይጠብቃል።

## ማጋደሉ በምን ይታወቃል?

ሠሪው ራሱ አያየውም። ሁለት ፈተና በቂ ነው። የመጀመሪያው፣ በአንድ ቅጂ ላይ ስሞቹን ብቻ ቀያይሩና አንብቡት። ቁጥሮቹ ሐሰት ይሆናሉ፣ ያ የሚጠበቅ ነው። የቃላቱ ቃና ግን እንግዳ ከሆነባችሁ፣ «ዘመናዊ»፣ «ምቹ»፣ «ብቻ»፣ «እንኳ» የሚሉት ቃላት የተከማቹት በአንድ ወገን ነበር ማለት ነው፤ አውጧቸው።

ሁለተኛው ሰው ይፈልጋል። ካሩሰሉን ጉዳዩን ለማያውቁ ስድስት ሰዎች ስጡና የትኛውን ትገዛላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። «ይህን የሠራው ሰው የትኛውን ሊሸጥልህ የፈለገ ይመስልሃል?» በሉ። አምስቱ ወይም ስድስቱ አንዱን ከጠሩ አጋድሏል፤ የትኛው ስላይድ እንዳሳበቀባችሁ ጠይቁና እሱን ሥሩት። መልሱ ከተከፋፈለ ወይም «እንጃ» ካሉ ለመለጠፍ ደርሷል።

ከተለጠፈ በኋላ የሚያረጀው ዋጋው ነው። ኢንስታግራም ላይ የወጣን ስላይድ በሌላ መተካት ስለማይቻል ብሩን ምስሉ ላይ ሳይሆን ከሥር በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አስገቡት፤ ምስሉ ላይ ምን ምን እንደሚከፈል ብቻ ይቅር። ቴሌግራም ቻናል ላይ ግን ምስሉንም ጽሑፉንም ማስተካከል ይቻላል። የሥሩ ጽሑፍ እዚያ ፕሪሚየም ላልከፈለ ሰው 1024 ፊደል ላይ ስለሚያበቃ፣ ዋጋው ከቀኑ ጋር በመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ።